ሲመቱት የሚጮኽ ብረት

ዓረብ አገር፣ ሹወይኽ ኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ ሞተር የሚፈታ ሰው ሁሉ የአንዳርጌን ጆሮ ያውቃል። ፊቱን የማያውቁት እንኳ ጆሮውን ያውቃሉ። የሞተርን ጉልበት ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍት፣ ከአሮጌ ሞተር ወጥቶ ወይም ከነካርቶኑ ተገዝቶ ሲመጣ አንዳርጌ በሰንሰለት አስሮ ከጣሪያው መንጠቆ ላይ ያንጠለጥለዋል። ትንሿን መዶሻ ያነሳል፣ አንዴ መታ ያደርገዋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁ እስኪጠፋ ያዳምጣል። ከዚያ ወይ «ጥሩ ነው» ይላል፣ ወይ «ጣሉት»። ሌላ ቃል አይጨምርም፤ የሚጨምርበት ምክንያትም አይታየውም።

እውነቱን ለመናገር ጆሮው የሚያስመካ ነበር። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያለበትን ክራንክ ከድምፁ መታፈን ብቻ ስንቴ ለይቶታል። ከፊሉ፣ ማለትም ቪዛውን የያዘለት የሱቁ ባለቤት ሰልማን፣ ይህን ስለሚያውቅ ደንበኛ ሲመጣ ወንበር አስቀርቦ «ዝም በሉ፣ አንዳርጌ ሊሰማ ነው» ይላል። ሱቁ በሙሉ ጸጥ ይላል፤ ኮምፕረሰሩ ሳይቀር ይጠፋል። ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላው፣ አገሩ ላይ በመንግሥት ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ላይ ሲጎብጥ ማንም ስሙን ያልጠራውን ሰው፣ እዚህ ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። ይህ ነገር ሰውን ያባልጋል፤ አንዳርጌንም አባልጎታል።

ያ ቶርኖ የተወለት ምልክትም አለ። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ጥፍር ለሁለት ተሰንጥቆ እንደገና የበቀለ ነው። ጣቱ ሲጨፈለቅ ሻሿን ቀድዳ ያሰረችለት ታናሽ እህቱ ክብረት ናት። አሁን ክብረት ሚሽሪፍ በሚባል ሰፈር በአንድ ቤት ልጆች ታሳድጋለች፤ ማዳሟ ዓርብ ዓርብ ትለቃታለች። ባሏ አሸናፊ ደግሞ ልጆቻቸው አገር ቤት ቀርተው በአንዳርጌ አማላጅነት ቪዛ ተገኝቶለት ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። እዚያው ሰልማን ጋ ሞተር ይገጥማል። ማለትም አማቾቹ ከአንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚውሉት።

አሸናፊ ቴክኒክ ኮሌጅ የተማረ፣ አፉ ቁጥብ፣ እጁ የጸዳ ሰው ነው። አንድ ልማድ አለው፤ እያንዳንዱን ዕቃ ከመግጠሙ በፊት በስልኩ ፎቶ ያነሳል፤ የትኛው ከየት እንደመጣ እንዳይምታታበት። አንዳርጌ በዚህ ይቀልድበታል። «አሼ፣ ለሞተሩ መታወቂያ ልታወጣለት ነው?» ይለዋል። አሸናፊ ይስቃል፣ ፎቶውን ግን አይተውም።

ነገሩ የጀመረው በብርዱ ወራት ማብቂያ ላይ፣ ሙቀቱ ሳይገባ ሰዉ ሁሉ በረሃ ለመውጣት በሚጣደፍበት ሰሞን ነው። ፈሪድ የሚባል የሰልማን ደንበኛ መኪናውን አመጣ። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ አልነበረውም፤ ፈሪድ ግን አሸዋ ላይ እንዲበር አየር እያመቀ ጉልበት የሚጨምር ትልቅ ቱርቦ አስገጥሞበታል። አሁን ክራንኩ ተበልቷል። በቱርቦ የሚነዳ ሰው እንደመሆኑ የተቀጠቀጠ ክራንክ እንዲገባለት ጠየቀ።

ይህ የተቀጠቀጠ የሚባለው ነገር ቀልድ አይደለም። ቀልጦ የሚፈሰው ክራንክ ብረቱ እንደ ውሃ ሆኖ ሻጋታ ውስጥ ገብቶ የሚረጋ ነው። ሲረጋ ቅንጣቶቹ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ያድጋሉ እንጂ የሚከተሉት አቅጣጫ የላቸውም። ለተራ መኪና ይበቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ ያገለግላል። የተቀጠቀጠው ግን ድፍን የብረት ዘንግ ግሎ፣ በከባድ ፕሬስ ተደቁሶ ቅርጹን የያዘ ነው። በዘንጉ ውስጥ በርዝመቱ የተኙት ክሮች ሳይቆረጡ ከክራንኩ መታጠፊያ፣ ከክርኑ ጋር አብረው ይታጠፋሉ፤ ልክ ጠማማ ቅርንጫፍ ውስጥ የእንጨቱ ክር አብሮ እንደሚጠመም። ስንጥቅ ሲነሳ እነዚያን ክሮች አንድ በአንድ በአግድም እየበጠሰ ማለፍ አለበት፤ ያም ቀላል አይደለም። ቱርቦ በየፍንዳታው ክራንኩን ሲያጎብጠውና ሲለቀው፣ ሲያጎብጠውና ሲለቀው፣ ልዩነቱ እዚያ ላይ ይወጣል። ብረቱም ራሱ የተለየ ነው፤ የተቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ ብርቱ ስቲል ነው።

የተቀጠቀጠው ክራንክ በየሱቁ ተፈልጎ ታጣ። ይምጣ ቢባል ሳምንታት ይፈጃል፣ የበረሃው ወቅት ደግሞ ማለቁ ነው። በሦስተኛው ቀን ሰልማን ምንም ያልተጻፈበት ሣጥን ይዞ ገባና ስለ ክራንኩ ምንም ሳይናገር ለአንዳርጌ አስረከበው።

አሸናፊ ሣጥኑን ከፍቶ ክራንኩን ጠረጴዛ ላይ አጋደመው፤ እንደ ልማዱም ስልኩን አወጣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በክርኖቹ ጎን ላይ ያለውን ሸካራ ቦታ አየ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሻጋታው ሁለት ግማሾች የተገናኙበት መስመር ነበረ፤ ቀጭን፣ ጥፍር የማይሞላ። የተቀጠቀጠ ክራንክ ላይ ይህ መስመር ጣት የሚያህል ሰፊ ነው፤ በፕሬሱ መሐል ተጨምቆ የወጣው ትርፍ ብረት ተቆርጦ የሚተወው ጠባሳ ነውና።

«ጋሽ አንዳርጌ፣ መስመሯን ይዩዋት እስቲ» አለ። «ቀጥናለች። ይሄ የፈሰሰ አይመስልዎትም?»

ሌላ ቀን ቢሆን አንዳርጌ ይመረምረው ነበር። የዚያን ቀን ግን ሱቁ ውስጥ ሰልማን ነበረ፣ ፈሪድ ነበረ፣ ሁለት ግብፃዊ መካኒኮችም ቆመው ያዩ ነበር። አሸናፊ ስልኩን እንደያዘ ነው፤ አንዳርጌ አውራ ጣቱን በመስመሯ ላይ አስኬደ። ተሰማችው። ቀጭን መሆኗ ጣቱ ላይ በደንብ ተሰማው። ሆኖም ያንን ለጣቱ ተወው። ክራንኩን አንጠለጠለው፣ ሱቁ ጸጥ አለ፣ መታው።

ክራንኩ ጮኸ። ድምፁ ጠርቶ ወጣ፣ ረዘመ፣ ጣሪያው ሥር ቆየ። አንዳርጌ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር አንድ ነው፤ የፈሰሰ ብረት ሲመቱት ድው ብሎ ይሞታል፣ የተቀጠቀጠ ይዘምራል። ጋራዡ ውስጥ ያንን አስተምረውት፣ እሱም ሌላውን አስተምሮበት ኖሯል።

አሸናፊ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ይህ ድሮ ለነበረው የፈሰሰ ብረት እውነት እንደሆነ አስረዳው። የድሮው ውስጥ ካርቦኑ እንደ ቅጠል ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ ድምፁን ያፍነዋል። አሁን ግን ሲቀልጥ ማግኒዚየም ይጨመርበታል፤ ካርቦኑ እንደ ኳስ ይድቦለቦላል፤ ብረቱም ይጠነክራል፣ ሲመቱትም ስቲል ይመስል ይጮኻል። የፈሰሰ መሆኑ ግን አይቀርም።

«ማግኒዚየም?» አለ አንዳርጌ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ በአረብኛ። «እሱ እንኳ ለሆድ ድርቀት ነው የሚሰጠው።»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ፈሪድ ሳቀ፣ ሰልማን ከሁሉም በላይ ሳቀ። አሸናፊ እንደ ተገሠጸ ተማሪ አንገቱን ደፋ። አንዳርጌም «ጥሩ ነው፣ የተቀጠቀጠ ነው» አለ። ይህ ሳይበቃው ከሰዓት በኋላ፣ አሸናፊ ምሳ በወጣበት፣ ግራይንደሩን አንስቶ ያቺን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ፍቆ አለሰለሳት። ለምን ብሎ ለሚጠይቀው መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሸካራ ቦታ ስንጥቅ ይጠራል፣ ውድድር ላይ የሚነዱ ሁሉ ያለሰልሳሉ የሚል። እውነትም ነው። ማንም ግን አልጠየቀውም።

ሞተሩ ተገጠመ። አሸናፊ እያንዳንዱን ቡሎን በመለኪያ ቁልፍ ልክ እንደተጻፈው አጠበቀ። ፈሪድ መኪናውን ወሰደ። በሦስተኛው ሳምንት ከጀህራ ከተማ ማዶ አሸዋው ላይ፣ ቁልቁለቱን ትቶ ሽቅብ ሲወጣ ክራንኩ ለሁለት ተሰበረ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነቀነቀና ቆመ፤ መኪናው ተዳፋቱ ላይ ዞሮ ተገለበጠ። ፈሪድ ነፍሱ ተረፈች፤ የትከሻው አጥንት ግን ተሰበረ። አባቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ እከሳለሁ አለ፤ የሠራው ሰው ማነው፣ ስሙን አምጡልኝ አለ።

ሰልማን ስም መስጠት ነበረበት። ሱቁ ውስጥ ሁሉንም ሰብስቦ የገጠመው ማነው ብሎ ጠየቀ። የገጠመው እንደሚታወቀው አሸናፊ ነው። ቡሎኖቹን በልኩ አጥብቄያለሁ፣ ክራንኩ የሚያርፍባቸውን ብሮንዚኖች ክፍተትም ለክቻለሁ አለ አሸናፊ። ከዚያ ዞሮ አንዳርጌን አየው።

«አንዳርጌ፣ ክራንኩ ደህና ነበር?» አለ ሰልማን።

«ደህና ነበር።»

ይህን ያህል ነው። ሁለት ቃል። ሰልማን የአሸናፊን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እንደሚሰርዝ፣ ወደ አገሩ እንደሚልከውና ለፈሪድ አባትም ጥፋተኛው ተባሯል ብሎ እንደሚነግር እዚያው ተናገረ። ክስ ካለ እስር አለና ይሄ ውለታ እንደሆነም አከለበት። አሸናፊ መፍቻዎቹን ጠርጎ በቦታቸው አስቀመጠና ወጣ።

አንዳርጌ ግን ከብረቱ አላመለጠም። የተሰበረው ክራንክ ጥግ ላይ ተጥሎ ነበር፤ በማግስቱ ሰው ሳይኖር አነሳው። መጀመሪያ ብሮንዚኖቹን አየ፤ ንጹሕ ናቸው፣ አልተቃጠሉም፣ አልተጫሩም። የአሸናፊ ሥራ እንከን የለውም። ስብራቱ የተነሳው ከክርኑ ሥር፣ ክቡ ገላ ከጎኑ ጋር ከሚጋጠምበት ጥግ ነው። እዚያ የጀመረች ጭረት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየሄደች፣ ልክ ማዕበል ዳር አሸዋ ላይ የሚተወውን ቅስት የመሰለ ምልክት እያሰመረች ገብታለች። የቀረው በአንዴ የተቆረጠው ቦታ ሻካራ፣ ግራጫ ነው።

እንግዲህ ሰው ራሱን ማታለሉን ለማቆም ይህም በቂ ላይሆን ይችላልና፣ አንዳርጌ የመጨረሻውን ነገር አደረገ። ከተሰበረው ክራንክ ክርኑ ላይ ስስ ቁራጭ ቆረጠ። ከወደቁት አሮጌዎች መሐል በእርግጥ የተቀጠቀጠ የከባድ መኪና ክራንክ ፈልጎ ከእሱም እንዲሁ ቆረጠ። ሁለቱንም መስታወት እስኪመስሉ አሸ። ለመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ማጽጃ የሚሸጠውን አሲድ በውሃ አቅጥኖ፣ በሸክላ ዕቃ ውጭ ላይ አሞቀና፣ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ሁለቱን ነከራቸው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አውጥቶ አጠባቸው። የከባዱ መኪና ቁራጭ ላይ መስመሮች ወጥተው ነበር፤ ብዙ፣ ደቃቅ፣ እርስ በርስ ተጠጋግተው፣ ክርኑ ጋ ሲደርሱ አብረው ታጥፈው የሚያልፉ። የፈሪድ ክራንክ ቁራጭ ጠቆረ እንጂ ምንም አላሳየም። አንድም መስመር የለውም። አንዳርጌ ፀሐይ ላይ እያገላበጠ ደጋግሞ አየው። ጆሮው ዋሽቶት ነበር፤ ከዚህ የከፋው ግን ጣቱ እውነቱን ነግሮት ነበር።

እዚህ ላይ ለአንዳርጌ አንድ ነገር እንመስክርለት። ሁለቱን ቁራጮች በጨርቅ ጠቅልሎ በቀጥታ ወደ ሰልማን ቢሮ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው፤ ይህ የተቀጠቀጠ ነው፣ ይህ የፈሰሰ ነው፣ ልጁ ጥፋት የለበትም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አለ። ሰልማን ቁራጮቹን አየ፤ የታጠፉትን መስመሮች እንደ ቆንጆ ነገር በጣቱ ተከተላቸው።

«ሻጩ የፈሰሰ ነው ብሎኝ ነበር» አለ ሰልማን ተረጋግቶ። «አንተ ግን መታኸው፣ የተቀጠቀጠ ነው አልክ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። እኔ ከሻጩ ይልቅ አንተን አመንኩ።»

አንዳርጌ ታዲያ ለምን ዝም አልክ ለማለት ፈለገ፤ ነገር ግን ሰልማን ገና አልጨረሰም ነበር።

«አባትየው አንድ ስም ይፈልጋል፣ አንድ ስም እሰጠዋለሁ። ያንተን ልስጥ? ስማ አንዳርጌ፣ ክራንክ የትም አለ። እኔ እዚህ የምሸጠው ያንተን ጆሮ ነው። ጆሮህ ዋሸ ብዬ ነገ ማን ይመጣልኛል? ምረጥ። አንተ ትሂድ ወይስ እሱ?»

ግድግዳው ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ያንገራግር ነበር። አንዳርጌ ለአፍታ ያህል፣ እኔ ልሂድ የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ እንደመጣ በኋላ ለራሱ ይናገር ነበር። ምናልባት መጥቶ ይሆናል። ሃምሳ ስድስት ዓመቱን አሰበ፤ አገሩ ገብቶ ማንም በማያውቀው ጋራዥ በር ላይ ሥራ ሲለምን ታየው፤ መዶሻውን ሲያነሳ ማንም ዝም የማይልበትን ቀን አሰበ። አሸናፊ ወጣት ነው፣ የተማረ ነው፣ የትም ይሠራል አለ በልቡ። ፈሪ ሰው በልቡ ሲናገር እንዴት አዋቂ ይመስላል።

ሰልማን ጠበቀው። መልስ ሲያጣ ጨርቁን መልሶ ጠቀለለና ቁራጮቹን ቅርጫት ውስጥ ጣላቸው። «ኸላስ» አለ፣ «አለቀ፤ ወደ ሥራህ ተመለስ።» አንዳርጌም ተመለሰ።

ዓርብ ጠዋት ሪቃይ በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርታማ፣ ምእመናኑ በሚሰበሰቡበት ሳሎን ውስጥ ለአሸናፊ ጸለዩለት። በማግስቱ ይበር ነበር። ሶፋው ተገፍቶ፣ ጫማው በሩ ላይ ተከምሮ፣ ሰዉ ምንጣፍ ላይ ተጨናንቆ ተቀምጦ ነበር። አሸናፊ ተንበርክኮ እጅ ሲጫንበት፣ የጸሎቱ መሪ ለቤተሰቡም እንዲጸለይ ብሎ አንዳርጌን በስሙ ጠርቶ ወደ መሐል አስገባው። አንዳርጌ እጁን በአማቹ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ትከሻው አልሸሸም፤ ያ ነው የባሰበት። ቢሸሽ ይሻለው ነበር።

ጸሎቱ ሲያበቃ ክብረት ኮሪደሩ ላይ ወንድሟን ያዘችው። ዓይኗ አብጧል። ማዳሟ «ባልሽን በሚቀጥለው ዓመት ታዪዋለሽ፣ እስከዚያ አልቅሺ» ብላ እንደቀለደችባት ነገረችው፤ ከዚያ ዞር ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ አሼ ምንም አይነግረኝም። አንዲት ቀጭን መስመር ነበረች ብቻ ነው ያለኝ። ጋሼን ግን አትጠይቂው አለኝ። አንተ አይተሃት ነበር?»

«ምን መስመር?» አለ አንዳርጌ። «አላየሁም። ብረት ነው እህቴ፣ ብረት አይታወቅም።»

ክብረት አመነችው። የተጨፈለቀ ጣቱን ያሰረችለት ወንድሟ ነው፣ ለምን አታምነው። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ እንባዋን ጠረገች። አሸናፊ ከሳሎኑ በር ላይ ቆሞ ሁለቱንም ያይ ነበር። ሊሰናበት ሲመጣ የአንዳርጌን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፣ ቪዛውን ስላመጣለት አመሰገነው፣ ክብረትን እንዲጠብቅለት አደራ አለው። አንዳርጌ ደረጃውን ሲወርድ፣ ይህ ሰው ቢሰድበኝ ምን ነበረበት እያለ ተናደደበት፤ በበደሉት ሰው ላይ መናደድ ለካ ይቻላል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰልማን ሁለት ደንበኞች አምጥቶ ወንበር አስቀረበላቸው። ከጀልባ ሞተር የወጣ ክራንክ ከሰንሰለቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ኮምፕረሰሩ ጠፋ። አንዳርጌ መዶሻውን ሊያነሳ ሲል ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተርገበገበ፤ የክብረት መልእክት ነው። ከፈተው።

ፎቶ ነበር። የፈሪድ ክራንክ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፣ ገና አልተፋቀም። መስመሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጭን ሆና ትታያለች። በመስመሯ ላይ፣ ልክ መሐሏ ላይ፣ አንድ አውራ ጣት አርፏል፤ ጥፍሩ ለሁለት የተሰነጠቀ። ከሥሩ ክብረት እንዲህ ብላ ጽፋለች፦

«ጋሼ፣ አሼ የልጆቻችን ፎቶ አለበት ብሎ ስልኩን ተወልኝ ነበር፤ ይሄን ውስጡ አገኘሁት። የመኪና ነገር አይገባኝም። ጣቱን ግን አውቀዋለሁ።»

አንዳርጌ ሁለት ጊዜ አነበበው። አሸናፊ ይህንን ይዞ ነበር። በዚያ ስብሰባ ላይ፣ ሰልማን ፊት፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ዝም ብሎ ያየው ይህንን ይዞ ነው። እሱ ራሱ እስኪናገር ጠብቆት ነው።

«አንዳርጌ» አለ ሰልማን፣ «ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።»

መታው። ክራንኩ ጮኸ፤ ድምፁ ጠርቶ ወጣ፣ ረዘመ፣ ቀስ እያለ ጠፋ። አንዳርጌ ዓይኑን አልጨፈነም። ሁሉም ቃሉን እየጠበቁ ያዩታል፤ አንደኛው ደንበኛ ሳያስበው ትንፋሹን ይዟል። አንዳርጌ አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶቹ ውስጥ ሸሽጎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ጥሩ ነው» አለ።